አራት ጠያቂዎችና አንድ ደብዳቤ፦ በቱሉ ዲምቱ አካባቢ የተካሄደ የፓነል ቃለ መጠይቅ

ይህ የጉዳይ ጥናት የሚመለከተው ከአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ብዙም ሳይርቅ የሚገኝ አንድ የዱቄትና የፓስታ ፋብሪካ በ2018 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ለጥራት ቁጥጥር ኃላፊ የሥራ መደብ ያካሄደውን ቃለ መጠይቅ ነው። ፋብሪካው ለዚሁ መደብ በመስከረም ወር አንድ ዙር ቃለ መጠይቅ አድርጎ ሰው ሳያገኝ ቀርቶ ነበር። እኔ በሰው ኃይል አስተዳደር ባለሙያነት የተጠራሁት ሁለተኛውን ዙር እንዳስተባብር ሲሆን፣ ከሁሉ በፊት የጠየቅሁት የመጀመሪያው ዙር የምዘና ቅጾች እንዲሰጡኝ ነው።

ቅጾቹ ብዙ ነገር ይናገሩ ነበር። አምስት ጠያቂዎች ተቀምጠው ሳለ «የላቦራቶሪ አሠራር» እና «የምርት መመለስ ሂደት» በሚሉት ሁለት መስፈርቶች ሥር አብዛኞቹ ያሰፈሩት ነጥብ አልነበረም፤ የሰጡትም ቢሆኑ በምን መልስ ላይ ተመሥርተው እንደሰጡ የጻፉት የለም። በአንጻሩ «ከአሁኑ መሥሪያ ቤትዎ ለምን ይለቃሉ?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠው መልስ በሦስት ጠያቂዎች ማስታወሻ ላይ ተመዝግቦ ይገኛል፤ ይኸውም ሦስቱም በየተራቸው ስለጠየቁት ነው። አምስተኛው ጠያቂ ዘግይተው ገብተው ነበርና አመልካቿ ራሷን እንደገና እንድታስተዋውቅ ተደርጓል።

ያቺ አመልካች በደረጃ አንደኛ ወጥታ ሥራው ቢቀርብላትም አልተቀበለችም። ምክንያቷን ለሰው ኃይል ክፍሉ በስልክ ስታስረዳ ስለ ደመወዝ አንዳች አላነሳችም። በቅጥር ላይ የምትገኘው ዱከም በሚገኝ ሌላ ፋብሪካ በመሆኑ ከአለቃዋ የሁለት ሰዓት ፈቃድ ብቻ ጠይቃ ነበር የመጣችው፤ የተነገራትም «ረቡዕ 3 ሰዓት ለኢንተርቪው ይምጡ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። ስንት ሰው እንደሚጠይቃት፣ የጽሑፍ ፈተና መኖር አለመኖሩን፣ መቼ እንደምትጨርስ የነገራት ሰው የለም። ጥበቃ በር ላይ ስሟ ባለመመዝገቡ ቆመች፤ ከዚያም ቃለ መጠይቁ ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ወሰደ። ወደ ሥራዋ የተመለሰችው ዘግይታ ሲሆን፣ ለአለቃዋ የሰጠችው ምክንያትም ተአማኒነት አጣ። በእኔ ግምት ይህ ሁሉ የመጣው ከአንድ ጉድለት ነው፤ ጠያቂዎቹ ማን ምን እንደሚጠይቅ ሳይከፋፈሉ ስለገቡ፣ ለአመልካቿ የሚነገር እውነተኛ የጊዜ መጠን በማንም እጅ አልነበረም። ስልክ የደወለችው ጸሐፊ ልትናገር ብትፈልግ እንኳ የምትናገረው ነገር አልነበራትም።

ስለዚህ የሁለተኛው ዙር ሥራ የተጀመረው ከጥያቄ ክፍፍሉ ሲሆን ቀን መቁረጡ ቀጥሎ የመጣ ነው። የጠያቂዎቹ ቁጥር ከአምስት ወደ አራት ወረደ፦ በሰብሳቢነት የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ፣ የምርት ክፍል ኃላፊው፣ የሰው ኃይል ኃላፊዋ፣ እንዲሁም በጀርመን አገር ሆነው ፋብሪካውን የሚያግዙ አንድ የምግብ ቴክኖሎጂ አማካሪ። አምስተኛው የፋይናንስ ኃላፊ ነበሩ፤ በመስከረም ያቀረቧቸው ጥያቄዎች ሲታዩ ሁሉም በሌሎቹ የተነሡ በመሆናቸው መቅረታቸውን ራሳቸውም ሳያቅማሙ ተቀበሉ።

ክፍፍሉ ላይ ጠንከር ያለ ክርክር ያስነሡት የምርት ክፍል ኃላፊው ነበሩ። «የእኔ ጥያቄ በአሥራ አምስት ደቂቃ አያልቅም» አሉ። እኔም «ኢንጂነር፣ መልሱን ሳይሰሙ ሰውየውን መቅጠር የማይችሉባቸው ጥያቄዎች የትኞቹ ናቸው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ካዘጋጁት ረጅም ዝርዝር ውስጥ የመረጡት ሁለቱን ነበር፤ አንደኛው የፈረቃ ኃላፊ ምርት እንዳይቆም ሲገፋ የጥራት ኃላፊው መስመሩን ለማስቆም ምን እንደሚያደርግ፣ ሁለተኛው ከገበያ የተመለሰ ፓስታ ከየትኛው ፈረቃና ከየትኛው ዱቄት እንደመጣ እንዴት ተከታትሎ እንደሚያገኝ የሚመለከቱ ናቸው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከነማብራሪያው ሰባት ደቂቃ ያህል ቢያዝ አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። የአማካሪው ክፍል ስለ ላቦራቶሪ አሠራር ሆኖ 15 ደቂቃ፣ የሰው ኃይል ኃላፊዋ ክፍል ስለ ሠራተኛ አመራር ሆኖ 8 ደቂቃ ተመደበለት። ሰብሳቢው ለመክፈቻና ለትውውቅ 5 ደቂቃ ወሰዱ፤ ለአመልካቹ ጥያቄዎች ደግሞ 7 ደቂቃ ተተወ። ድምሩ 50 ደቂቃ ነው። ይህ ቁጥር የተገኘው ጥያቄዎቹ ተቆጥረው እንጂ ተገምቶ ባለመሆኑ፣ ለአመልካች ቢጻፍ የሚያሳፍር አልነበረም።

ከቃለ መጠይቁ በፊት የ25 ደቂቃ የጽሑፍ ሥራ እንዲኖር ተወሰነ። አመልካቹ የሦስት ፈረቃ የዱቄት እርጥበት ንባቦች የተጻፉበት አንድ ገጽ ይሰጠዋል፤ ከንባቦቹ አንዱ ፋብሪካው ካስቀመጠው የ14 በመቶ ወሰን በላይ ሲሆን፣ አመልካቹ ምን እንደሚያደርግና ለማን እንደሚያሳውቅ በግማሽ ገጽ ይጽፋል። ሥራ አስኪያጁ ከዚህ በተጨማሪ የወፍጮውን ክፍል ማስጎብኘት ፈልገው ነበር፤ ጋዋን፣ ቆብና ጫማ ማስለወጡ ብቻውን ብዙ ደቂቃ ስለሚበላ ጉብኝቱ ለሚመረጠው ሰው ብቻ እንዲሆን ተስማማን።

ቀንና ሰዓት መቁረጡ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ችግሩ ከሚታሰበው በላይ ረቂቅ ነበርና። አራት ሰዎችን «መቼ ይመቻችኋል?» ብሎ መጠየቅ አራት የማይገናኙ መልሶች ይዞ ይመጣል። ስለዚህ የጀመርነው ጊዜያቸው እጅግ ከጠበበው ከአማካሪው ነው፤ እሳቸው በአገራቸው ሰዓት ከጠዋቱ 8:00 እስከ 11:00 ብቻ ነፃ እንደሆኑ ጻፉልን። የምርት ክፍል ኃላፊው ፈረቃ የሚቀየርበትን 2 ሰዓት አሳልፈው፣ ርክክቡን ጨርሰው እስኪወጡ ድረስ ማለትም ከ3 ሰዓት በፊት አይገኙም። ሥራ አስኪያጁ ማክሰኞና ሐሙስ ረፋዱን ሰጡ።

እዚህ ላይ ጀርመን በኦክቶበር ወር የመጨረሻ እሑድ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ትመልሳለች። በ2018 ዓ.ም. ያ እሑድ ጥቅምት 16 ላይ ዋለ። ከዚያ በፊት የአማካሪው 8:00 ሰዓት በእኛ 3:00 ሰዓት ሲሆን ከዚያ በኋላ ግን 4:00 ሰዓት ይሆናል፤ የእኛ ሰዓት ዓመቱን ሙሉ አይለወጥምና። ውይይቱ የተደረገው በጥቅምት መጀመሪያ፣ ቃለ መጠይቁ የሚካሄደው ደግሞ ማክሰኞ ጥቅምት 18 እና ሐሙስ ጥቅምት 20 ስለነበር፣ በውይይቱ ዕለት ትክክል የነበረው «3 ሰዓት» በቀኑ ሲደርስ አማካሪውን ከመኝታቸው የሚቀሰቅስ ይሆን ነበር። መጀመሪያው ስለዚህ ወደ 4:00 ሰዓት ተሸጋገረ።

በኮምፒውተር የቀን መቁጠሪያ ላይ ግብዣው ሲላክ ሌላ ስሕተት ታየ። ጸሐፊዋ የተስማማንበትን 4:00 እንዳለ ጻፈችው፤ መቁጠሪያው በበኩሉ ከሌሊቱ አራት ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ብሎ ስለተረዳው፣ አማካሪው ከሌሊቱ 2:00 ሰዓት ላይ ስብሰባ ተይዞባቸው አዩ። በማግስቱ «በእርግጥ ነው?» የሚል አጭር መልእክት ላኩ። ግብዣው በ10:00 ታርሞ፣ በርእሱ ላይ «ከረፋዱ 4:00 ሰዓት በኢትዮጵያ» የሚል ተጨመረበት። በውስጥ ላሉት ሦስት ሰዎች ስሕተቱ አልታያቸውም ነበር፤ ሰዓቱን በቃል ስለሚያውቁት ግብዣውን አልከፈቱትምና። ተቀባዩ ሁሉ «አየሁት፣ በእኔ ሰዓት ይህን ያህል ነው» ብሎ መልሶ እንዲጽፍ ማድረግ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የዕለቱ አቀማመጥ እንዲህ ሆነ። በቀን ሁለት አመልካቾች ይቀርባሉ። የመጀመሪያው ከ3:30 እስከ 3:55 ይጽፋል፣ ከ4:00 እስከ 4:50 ይጠየቃል፤ ጠያቂዎቹ ሳይነጋገሩ እስከ 5:05 ድረስ ለየብቻ ነጥብ ይሰጣሉ። ሁለተኛው በሌላ ክፍል ከ4:40 እስከ 5:05 ይጽፋል፣ ከ5:10 እስከ 6:00 ይጠየቃል፤ ነጥብ መስጫው እስከ 6:15 ይቆያል። ሁለቱ አመልካቾች በኮሪደር እንዳይገናኙ በማሰብ የመግቢያውና የመውጫው በር ተለይቷል። ከተማው ሰፊ ቢመስልም በዱቄት ሥራ የሚታወቁ የጥራት ባለሙያዎች እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፤ አንድ ሰው ሥራ እየፈለገ መሆኑ በሰዓታት ውስጥ አለቃው ጆሮ ሊደርስ ይችላል።

ለአመልካቾቹ ቅድሚያ ስልክ ተደወለ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ የምትከፍተው ሁልጊዜ በአንድ ጥያቄ ነበር፦ «ጤና ይስጥልኝ፤ አሁን ለመነጋገር ይመችዎታል ወይስ በሌላ ሰዓት ልደውል?» ከአራቱ ሁለቱ «ማታ ይደውሉልኝ» አሉ፤ ሥራ ላይ ነበሩ። በስልክ የተነገረው ቀኑ፣ ሰዓቱና ጠቅላላ ቆይታው ብቻ ሲሆን፣ ዝርዝሩ በዚያው ዕለት በኢሜይልና በቴሌግራም በጽሑፍ ተላከ። የመጀመሪያው አመልካች የደረሰው ደብዳቤ የሚከተለው ነው።

«የተከበሩ አመልካች፣

ለጥራት ቁጥጥር ኃላፊ የሥራ መደብ ለቃለ መጠይቅ ተመርጠዋል። ቀኑ ማክሰኞ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን ኦክቶበር 28 ቀን 2025) ሲሆን፣ በዋናው በር እንዲደርሱ የምንጠብቀው ከረፋዱ 3:20 ሰዓት (በፈረንጅ ሰዓት አቆጣጠር 9:20) ነው። ስምዎ በጥበቃ ዘንድ ይኖራል፤ መታወቂያ ይያዙ።

በመጀመሪያ ለብቻዎ በአንድ ክፍል ተቀምጠው የ25 ደቂቃ የጽሑፍ ሥራ ይሠራሉ። ጽሑፉ ከላቦራቶሪ ንባብ ጋር የተያያዘ ነው፤ በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ መጻፍ ይችላሉ። ከዚያም ለ50 ደቂቃ አራት ሰዎች ያሉበት ቡድን ያነጋግርዎታል፤ እነሱም የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ፣ የምርት ክፍል ኃላፊ፣ የሰው ኃይል ኃላፊ እና ከጀርመን በቪዲዮ የሚሳተፉ የምግብ ቴክኖሎጂ አማካሪ ናቸው። የአማካሪው 15 ደቂቃ በእንግሊዝኛ፣ ሌላው በአማርኛ ይሆናል። እርስዎ ሲናገሩ ጠያቂዎቹ ማስታወሻ ስለሚይዙ ቀና ብለው ባያዩዎት አይገረሙ። የመጨረሻዎቹ 7 ደቂቃዎች የእርስዎ ጥያቄዎች ናቸው።

ከ4:50 ሰዓት በኋላ የሚያቆይዎት ነገር የለም። ፈቃድ ሲጠይቁ በፋብሪካው ውስጥ የሚቆዩት 1 ሰዓት ከ30 ደቂቃ መሆኑንና የመንገዱን ጊዜ ለብቻው ያስቡ። መብራት ወይም ኢንተርኔት ቢቋረጥ የአማካሪውን ጥያቄዎች የምርት ክፍል ኃላፊው ያነቡልዎታል፤ የመጨረሻው ሰዓት ግን አይለወጥም። በዕለቱ የሚያስፈልግዎ ማመቻቸት ካለ፣ ወይም ሰዓቱ የማይስማማዎት ከሆነ እስከ ዓርብ ቢያሳውቁን ሐሙስ ጥቅምት 20 ሌላ ቦታ አለ።»

ከዚህ በታች የሰው ኃይል ኃላፊዋ ስልክና ከቃሊቲ መናኸሪያ ወደ ቱሉ ዲምቱ የሚመጣ ሰው የትኛው መታጠፊያ ላይ መውረድ እንዳለበት የሚገልጽ ሁለት መስመር ነበር። በደብዳቤው ላይ የጠያቂዎቹ ስም ይጻፍ ወይስ የሥራ ድርሻቸው ይበቃል የሚለው አከራክሮ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ስም ከተጻፈ አመልካቾች በአማላጅ ይመጡብናል ብለው ሠጉ፤ ሥጋታቸው እዚህ አገር መሠረት የለውም ለማለት አልደፈርኩም፤ ስለዚህ የሥራ ድርሻው ብቻ ቀረ። አመልካች ለመዘጋጀት የሚጠቅመው ከስሙ ይልቅ ድርሻው ነው።

ስለ ማመቻቸት የተጻፈችው ዓረፍተ ነገር በማግስቱ ሥራ ላይ ዋለች። ሐሙስ የሚቀርቡት አንድ አመልካች በክራንች እንደሚሄዱ ጽፈው የአዳራሹ ቦታ የት እንደሆነ ጠየቁ። የስብሰባ አዳራሹ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን ሕንፃው ሊፍት የለውም። አካል ጉዳተኞች በሥራ ስምሪት ስላላቸው መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ይጠይቃል፤ ከሕጉም ባሻገር ነገሩ ቀላል ነበር። አራቱም ቃለ መጠይቆች ምድር ቤት ወዳለው የሥልጠና ክፍል ተዛወሩ። ለአንዱ ብቻ ክፍል ቢቀየር ጠያቂዎቹ ምክንያቱን መጠየቃቸው አይቀርም ነበር፤ ለሁሉም መቀየሩ ያንን አስቀረ።

ጠያቂዎቹ በበኩላቸው አንድ ገጽ ደረሳቸው። የየራሳቸው ጥያቄ፣ ደቂቃቸውና ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ምን ማለት እንደሆነ ተጽፎበታል፤ ከግርጌው ሦስት ደንቦች አሉ። ዘግይቶ የገባ ጠያቂ ያዳምጣል እንጂ ለዚያ አመልካች ነጥብ አይሰጥም። ከአራቱ ቢያንስ ሦስቱ ካልተገኙ ቃለ መጠይቁ ወደ ሌላ ቀን ይተላለፋል፤ አመልካቹም ከቤቱ ሳይወጣ ይነገረዋል። ጋብቻን፣ ሃይማኖትን፣ ብሔርንና ልጅ የመውለድ ሐሳብን የሚመለከት ጥያቄ አይነሣም። የመጨረሻው በወረቀት ላይ መስፈር ነበረበት፤ በመስከረሙ ዙር «ባለትዳር ነሽ?» የሚል ጥያቄ በጨዋታ መልክ ተሰንዝሮ ነበርና።

ማክሰኞ ሁሉም በተያዘለት ሰዓት ሄደ ማለት ይቻላል። ሰዓት የምትጠብቀው የሰው ኃይል ኃላፊዋ ናት፤ የአንድ ጠያቂ ጊዜ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው «2» የተጻፈባትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች። ሁለተኛው አመልካች ላይ ሰብሳቢው ከራሳቸው ክፍል ውጭ ጥያቄ ማከል ጀመሩ፤ ወረቀቷን አዩና ፈገግ ብለው ተዉት። ሥራ አስኪያጅን በቃል ማቋረጥ ለበታች ሠራተኛ የሚከብድ በመሆኑ ወረቀቷ ከደንቡ ይልቅ ጠቅማለች።

ሐሙስ 5:25 ገደማ፣ አራተኛው አመልካች በመጠየቅ ላይ ሳሉ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ቢነሣም ኢንተርኔቱ አልተመለሰም። አማካሪው የመጀመሪያ ጥያቄያቸውን ጨርሰው ነበር፤ ሦስት ደቂቃ ከተጠበቀ በኋላ የምርት ክፍል ኃላፊው የተቀሩትን ጥያቄዎች ከታተመው ወረቀት አነበቡ፤ እኔ መልሱን በተቻለ መጠን ቃል በቃል ጻፍኩ። ጽሑፉ ከቀትር በኋላ ለአማካሪው ተልኮ፣ የሌሎቹን ነጥብ ሳያዩ ነጥባቸውን ሰጡ። ይህ ፍጹም መፍትሔ አይደለም። በጽሑፍ የደረሰ መልስ የአመልካቹን ማመንታትም ሆነ ፍጥነት አያሳይም፤ ለአመልካቹ ይጥቀም ወይም ይጉዳ መለየት አይቻልም። ስለዚህ በውሳኔው ቅጽ ላይ የዚያ ክፍል ነጥብ ከጽሑፍ የተሰጠ መሆኑ ተመዘገበ፤ ውጤቱ በዚያ ክፍል ብቻ የሚለያይ ቢሆን ኖሮ አማካሪው አመልካቹን በስልክ ለአሥር ደቂቃ እንዲያነጋግሩ ተስማምተን ነበር። ልዩነቱ ሰፊ ስለነበር አላስፈለገም። አመልካቹ 6:00 ሰዓት ላይ ከክፍሉ ወጡ።

በዚህ ዙር ሁሉም መስፈርቶች በሁሉም ቅጾች ላይ ነጥብና አጭር ማስረጃ ነበራቸው፤ በአንደኛነት የተመረጡትም አመልካች ሥራውን ተቀበሉ። የአንድ ዙር ውጤት በራሱ ስለ አሠራሩ ብዙ አያረጋግጥም፤ የደመወዙ መጠን በመካከሉ ተሻሽሎ እንደነበርም መጥቀስ ተገቢ ነው። ስለ አሠራሩ ይበልጥ የሚናገረው አመልካቾቹ በ7ቱ ደቂቃ ውስጥ የጠየቁት ይመስለኛል። በመስከረም የተጠየቀው «ቀጥሎስ ምንድን ነው? ገና ሌላ ፈተና አለ?» የሚል ሲሆን በጥቅምት ግን ስለ ላቦራቶሪው መሣሪያዎች፣ ስለ ምሽት ፈረቃና ስለ ሠራተኛው ብዛት ነበር። ከአራቱ ሦስቱ ግን አንድ ተመሳሳይ ጥያቄ አንሥተዋል፦ «ከእናንተ መካከል የቅርብ አለቃዬ የሚሆነው ማን ነው?» ደብዳቤው ጠያቂዎቹን ሲዘረዝር ይህን አልገለጸም ነበር። የጥራት ኃላፊው ተጠሪነት ለሥራ አስኪያጁ እንጂ ለምርት ክፍል ኃላፊው አለመሆኑ ለዚህ ሙያ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ መስመር የማስቆም ሥልጣኑ በዚያ ላይ የተንጠለጠለ ነውና። አሁን በደብዳቤው ናሙና ላይ ከሥራ አስኪያጁ ድርሻ ቀጥሎ «የመደቡ የቅርብ ኃላፊ» የሚል ታክሏል። ቀጣዩ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ቅጥር ለሚያዝያ የታሰበ ሲሆን፣ ጀርመን ሰዓቷን መጋቢት 20 ላይ ወደ ፊት ስለምታደርግ፣ መጀመሪያው ወደ 3:00 ሰዓት እንዲመለስ በዚያው ናሙና ጠርዝ ላይ ተጽፏል።